ኮንከሽን ደርሶብኛል፤ ክሬቲን ልውሰድ?

*ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 24 ዓመቴ ነው፣ ክብደቴ 65 ኪሎ። ከአሥር ቀን በፊት ኳስ ስንጫወት ከአንድ ልጅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨን። ራሴን አልሳትኩም፤ ግን ዞረብኝ። ሐኪም አይቶኝ ኮንከሽን፣ ማለትም ከመመታት የመጣ የአንጎል መናወጥ ነው አለኝ። አሁንም ራሴን ያመኛል፣ ስክሪን ሳይ ቶሎ ይደክመኛል። ጂም የሚሠራ ጓደኛዬ "ክሬቲን ውሰድ፣ አንጎልህን ቶሎ ይጠግነዋል" ይለኛል። እውነት ነው?*

ክሬቲን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ስፖርተኞች ደግሞ ለጉልበት በዱቄት መልክ የሚወስዱት ነገር ነው። ጓደኛዎ ይህን ከባዶ አላመጣውም። "ቶሎ ይጠግነዋል" የሚለው ግን እስካሁን አልተረጋገጠም።

ጭንቅላት ሲመታ ፖታሲየም ከአንጎል ሴሎች ይወጣል፣ ካልሲየም ደግሞ ይገባል። ሴሎቹ ሁሉንም ወደ ቦታው ለመመለስ ፓምፖቻቸውን ያለ ዕረፍት ያሠራሉ። ይህ ብዙ ጉልበት ይበላል። ችግሩ በዚያው ጊዜ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሊቀንስ ይችላል፤ የገባው ካልሲየምም ጉልበት የሚያመርተውን የሴሉን ክፍል ያውካል። ክሬቲን የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ እንደሚሠራ ባትሪ ለሴሉ ጉልበት በፍጥነት ያቀብላል። ስለዚህ ሐሳቡ ምክንያት አለው።

ሙከራዎቹ ግን ከእርስዎ ሁኔታ በጣም ይለያሉ። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ለአይጦች ክሬቲን ከተሰጠ በኋላ ጭንቅላታቸው ተመታ፤ የአንጎላቸው ጉዳት እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ። በዚህ ውጤት ብዙ ሰው ተደስቷል። ነገር ግን አንዳንዶቹ አይጦች ክሬቲኑን ከምግባቸው ጋር ለአራት ሳምንት የበሉት ከመመታታቸው *በፊት* ነው። እርስዎ አሁን ቢጀምሩ የሚወስዱት ከተመቱ አሥር ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ያኛው ጥናት ስለዚህ የሚነግረን ነገር የለም።

በሰው ላይ ከተሠሩት ዋነኛው በግሪክ በ39 ሕፃናትና ታዳጊዎች ላይ የተደረገው ነው። የልጆቹ ጉዳት ከባድ ነበር፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ ናቸው። ግማሽ ያህሉ ለስድስት ወር በየቀኑ በኪሎ 0.4 ግራም ክሬቲን ተሰጣቸው። ክሬቲን ያገኙት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የቆዩት ለአጭር ጊዜ ነው፤ በኋላም ራስ ምታት፣ ማዞርና ድካም ያነሰ ታይቶባቸዋል። ውጤቱ ጥሩ ነው፣ እኔንም ተስፋ ይሰጠኛል። ነገር ግን ልጆቹ በጣም ጥቂት ናቸው። የማስመሰያ ዱቄት የተሰጠው ቡድንም አልነበረም፤ ማን ክሬቲን እንደወሰደ ይታወቅ ነበር። ራስ ምታት ደግሞ ታማሚው ራሱ የሚናገረው ነገር ስለሆነ፣ መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ ማመኑ ብቻ ሊያቀለው ይችላል።

መጠኑንም ያስቡት። 0.4 ግራም በ65 ኪሎ ሲባዛ 26 ግራም ነው። ብዙ ሰው በቀን የሚወስደው ከ3 እስከ 5 ግራም ነው። ስለዚህ ጂም ውስጥ በማንኪያ የሚለካው መጠን የተሞከረውን ያህል አይደለም። ያንሳል ብለው ግን በራስዎ 26 ግራም እንዳይወስዱ። ሆድ ያውካል፣ ያስቀምጣል። ጥቅሙም ያሰቡትን ያህል አይሆንም፤ ክሬቲን ከደም ወደ አንጎል የሚገባው በዝግታ ነው። ጤነኛ ሰዎች በቀን 20 ግራም ለአራት ሳምንት ወስደው እንኳ የአንጎላቸው ክሬቲን በአማካይ ከአሥር በመቶ በታች ነው የጨመረው።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ቢወስዱ አልከለክልዎትም። ከጉዳቱ በፊት ጀምረው ከሆነም ማቆም አያስፈልግም። ዱቄቱ ግን ክሬቲን ብቻ ይሁን። ከስፖርት በፊት የሚወሰዱት ቅልቅሎች ብዙ ጊዜ ካፌይን አለባቸው፤ ካፌይን ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ ለራስ ምታትዎም አይበጅም።

የምፈራው ዱቄቱን ራሱ አይደለም። "ክሬቲን እየወሰድኩ ነው፣ ድኛለሁ" ብለው ቶሎ ኳስ ሜዳ መመለስዎን ነው። አንጎልዎ ሳያገግም እንደገና ቢመታ ጉዳቱ ይብሳል። የተሻለ ማስረጃ ያለው ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ነው። ሙሉ ዕረፍት የሚጠቅመው ለመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ነበር። አሁን በየቀኑ በእግር ይሂዱ። ሕመሙ ትንሽ ቢነካካዎ ችግር የለውም፤ በግልጽ ከባሰብዎት ግን ፍጥነቱን ይቀንሱ። ስክሪንም እንደዚያው በአጭር በአጭሩ ይሁን። ግጭት ያለበት ጨዋታ የሚመጣው ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ጠፍተው ሐኪም ሲፈቅድልዎ ነው።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግመው ካስመለስዎ፣ እጅ ወይም እግርዎ ከደከመ፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ከታየ ወይም ከእንቅልፍ መንቃት ካቃተዎ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይኖር አራት ሳምንት ሞልቶ ካልተሻለዎ ሐኪምዎ ጋ ይመለሱ፤ ክሬቲን የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩት። ክሬቲን በደም ምርመራ የኩላሊት ጤንነት የሚለካበትን የክሬቲኒንን መጠን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ኩላሊትዎ ደህና ሆኖ ሳለ የታመመ ሊመስል ይችላል።