ጓደኛ ላመጣች ደንበኛ ምን ይሰጣል?

«ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ተደስተው ይሄዳሉ፣ ሰው ግን አያመጡም። ጓደኛ ላመጣች ቅናሽ ልጀምር ብያለሁ። ስንት ልቀንስ? ምን ብዬስ ልጻፍላቸው?»

እኔም ሹሩባ ቤት ነው ያለኝ። መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ። «ጓደኛ ላመጣች አንድ ሹሩባ በነፃ» ብዬ ለጠፍኩ። ሹሩባው 600 ብር ነው። 300ው የሠሪዋ ነው፣ ለሻምፑና ለቅባት 50 ይወጣል። ለኔ የሚተርፈኝ 250 ነው፤ ኪራዩም ከዚሁ ነው። ታዲያ ከአዲሷ 250 አገኝና ለአምጪዋ በነፃ ሲሠራ 350 ከኪሴ ይወጣል። በአንድ ሰው መቶ ብር እየከሰርኩ ነበር!

ኪሳራውን ላቃልል ብዬ በነፃው ላይ የሠሪዋን ድርሻ በግማሽ ቀነስኩ። ይሄ ባሰ። ልጅቷ ምንም አላለችም፣ እጇ ግን ተናገረ። ሹሩባው ላላ፣ መስመሩ ተንጋደደ። ቅናሹ ካንቺ ድርሻ ብቻ ይውጣ።

አሁን ለአዲሷ 100 ብር፣ ለአምጪዋም በሚቀጥለው ሹሩባዋ 100 ብር እቀንሳለሁ። ከ250ው 50 ይቀረኛል። ትንሽ ናት፤ ትርፉ የሚመጣው አዲሷ በራሷ ጊዜ ስትመለስ ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ማን እንዳመጣቻት ብቻ ሳይሆን መመለሷንም እጽፋለሁ። ካልተመለሱ ችግሩ ቅናሹ ሳይሆን ሥራው ነው።

ጥሬ ብር ግን አትስጪ። ጓደኛዋን ለብር ብላ ያመጣች መምሰል የምትፈልግ የለችም፣ ይሉኝታ አለ። መልእክቱም ለጓደኛዋ የሚሰጠውን ቅናሽ ከራሷ ያስቀድም። የምልከው በተሠራች በማግስቱ ነው፤ ቢሮ ገብታ «ማን ሠራሽ?» የምትባለው ያኔ ነዋ። ለሁሉም በአንዴ አልበትንም፣ በየስማቸው ነው፦

«ሰላም ሰብሊ፣ ሹሩባው እንዴት ነው? ጠብቆ አላመመሽም? "ማን ሠራሽ?" ላለችሽ ጓደኛ ከኛ 100 ብር ቅናሽ አላት። ስትመጣ ስምሽን ትንገረን። ላንቺም በሚቀጥለው 100 ብር ይቀነስልሻል። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። ቀድማ ትደውል፣ ወረፋ እንይዝላታለን።»

ለእናቶች በ«እርስዎ» ቀይሪው። «አሞኛል» ብላ ከመለሰች የጓደኛውን ነገር እርሺው፣ መጀመሪያ ጠርተሽ አላሊላት። ቀኑን የገደብኩት ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ያለ ቅናሽም ስለሚሞላ ነው። አዲስ የምትባለው ስልኳ ደብተር ላይ የሌለ ናት። መጀመሪያ ይህን ስላልወሰንኩ የዓመታት ደንበኞቼ እርስ በርስ «እኔ ነኝ ያመጣኋት» እየተባባሉ ቅናሽ ወስደዋል።

የአምጪዋ 100 ብር የሚመዘገበው አዲሷ ተሠርታ ከከፈለች በኋላ ነው። ያን ዕለት ማታ «ጓደኛሽ መጥታ ነበር፣ እናመሰግናለን፣ 100 ብርሽ ተይዟል» ብለሽ ጻፊላት። እኔ አንዴ ረስቼ ደንበኛዬ ራሷ ከፍላ ስትወጣ «የኔስ?» ብላኝ መግቢያ ቀዳዳ አጥቻለሁ።