የገዙት ሁሉ አልተበሰለም

ጥያቄ፦ «ምግብ ቤት አለኝ። ግዢዬን ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ፣ የምግብ ሽያጩን ደግሞ በየዓይነቱ ከካሽ ሬጅስተሩ አወጣለሁ። ግዢውን ለሽያጩ ሳካፍል ፉድ ኮስቴ ባለፈው ወር 45 በመቶ፣ በዚህ ወር 29 በመቶ ወጣ። ዋጋም ሜኑም አልቀየርኩም። የቱን ልመን?»

ሁለቱንም አይመኑ። ለበዓል ብለው በአንድ ጊዜ ያስገቡት ቅቤና በርበሬ ገና ስቶር ውስጥ እያለ እርስዎ እንደተበላ ቆጥረውታል። በሚቀጥለው ወር ያው ቅቤ ሲበስል ደግሞ በነጻ የመጣ ይመስላል።

መፍትሔው በወሩ መጨረሻ ማታ፣ ኩሽናው ሲዘጋ ስቶርና ፍሪጅ መቁጠር ነው። ወሩ ሲጀምር የ40,000 ብር ዕቃ ነበረ እንበል። 260,000 ገዙ፣ ሲያልቅ 120,000 ቀረ። የበሰለው 180,000 ነው። ሽያጩ ከቫት ጋር 575,000 ከሆነ ለ1.15 ያካፍሉት፤ ቫቱ የእርስዎ ገንዘብ አይደለም። 500,000 ይቀራል። ስለዚህ ትክክለኛው 36 በመቶ ነው።

አሁን ሽያጩን በየዓይነቱ የማውጣትዎ ጥቅም ይመጣል። ለእያንዳንዱ ምግብ በግራም የተመጠነ ሬሲፒ ይጻፉና የአንዱን ሳህን ወጪ ያስሉ። የሽያጭ ሪፖርቱን Sales በሚባል ሺት ያስገቡ፤ የምግቡ ስም A ላይ፣ ብዛቱ B ላይ ይሁን። የሬሲፒው ሠንጠረዥ ውስጥ የምግቡ ስም A2 ላይ ከሆነ የተሸጠውን ብዛት በዚህ ይሳቡ፦

```
=SUMIF(Sales!A:A,A2,Sales!B:B)
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሽ ሬጅስተሩ ላይ «ደረቅ ጥብስ»፣ ሬሲፒው ላይ «ጥብስ ደረቅ» ከተባለ ቀመሩ ስህተት አያሳይም፣ ዝም ብሎ 0 ይሰጣል። የሳህኑ ጠቅላላ ብዛት ከሽያጭ ሪፖርቱ ጋር እኩል መሆኑን ሳያዩ አይለፉ።

ብዛቱን በሳህን ወጪ አባዝተው ሲደምሩ 155,000 መጣ እንበል። ይህ መውጣት የነበረበት ነው፣ 31 በመቶ። ከ180,000 ጋር ያለው የ25,000 ልዩነት የት ገባ?

ከሥጋ ይጀምሩ። 40 ኪሎ በ1,000 ብር ገዝተው አጥንቱና ሞራው ሲወጣ 32 ኪሎ ቀረ እንበል። ያኔ የተጣራው ኪሎ ዋጋ 1,250 ነው፣ ሬሲፒውም በዚህ ይሰላ። አንድ ጥብስ 200 ግራም ከሆነና 130 ሳህን ከተሸጠ 26 ኪሎ ይበቃ ነበር። ሥጋው ግን ሁሉም አልቋል። 6 ኪሎ፣ 7,500 ብር ጠፋ ማለት ነው።

ሌብነት ነው ብለው ሰው ላይ ከመጮህዎ በፊት ሚዛን ይዘው ኩሽና ይግቡ። መጥበሻ ላይ ሊገባ ያለውን ሥጋ አሥር ጊዜ ይመዝኑ። ወደ 245 ግራም ከሆነ የሥጋው ልዩነት በሙሉ የወጥ ቤቱ እጅ ላይ ነው። ልክ 200 ከሆነ የሠራተኛ ምሳን፣ የተመለሰ ምግብንና ካሽ ሬጅስተሩ ላይ ሳይመታ የወጣ ትዕዛዝን ይፈትሹ። የሠራተኛ ምሳ መዝገብ ከሌለዎት ከዛሬ ጀምሮ ኩሽና በር ላይ ደብተር ይስቀሉ፤ እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ ሥጋው የተገኘው እዚያ ነው።