የእኩል በማርሰው ማሳ ላይ እርከን ልሥራ?

«መሸንቲ አካባቢ የአንዲት እማሆይን ማሳ የእኩል ሳርስ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ቃዳ ተዳፋት መሬት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ይታጠባል። አጠገቡ ያለውን የራሴን እርከን ሠርቼለታለሁ። ይሄንንስ ልሥራው? ነገ ቢነጥቁኝስ?»

ስጋትዎ ልክ ነው። እስቲ እናስላው።

ቃዳው ሩብ ሄክታር ነው፤ 50 በ50 ሜትር እንበል። በ10 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ እርከን በየ10 ሜትሩ ይወጣል። አራት መስመር፣ ሲደመር 200 ሜትር። ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን ይያዛል፤ የእርስዎ 30 ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ቦዩና ክምሩ ሜትር ተኩል ቢይዝ 300 ካሬ ሜትር ከእርሻ ይወጣል፤ ከመቶ 12 እጁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ምርቱ ሊቀንስ ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው ከክምሩ በላይ አፈር ሲቆለል፣ ማሳው ቀስ በቀስ ሲደለደል ነው። ይህ ዓመታት ይወስዳል። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ፣ ምርቱ ግን ግማሹ የእማሆይ። ውሉ ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ የአፍ ስምምነት ከሆነ፣ ማሳው ሲያምር ሌላ አራሽ ሊገባበት ይችላል። የእኩል አራሽ ማዳበሪያ የሚገዛው፣ እርከን ግን የማይነካው ለዚህ ነው፤ ማዳበሪያው በዚያው ዓመት ይከፍላል። በየገጠሩ ሲዞሩ እርከኑ ድንበር ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይተው ይሆናል። አንዳንዱ አራሽማ የተሠራውንም በማረሻ እየሸረፈ ይበላዋል።

«አሁን ደብተር አለ፣ ምን ያሰጋል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የ1989ኙን ሽግሽግ ያየ ገበሬ መሬቴ ነገ ይወሰዳል ብሎ እርከን ላይ ጉልበቱን ባይጨርስ አይፈረድበትም ነበር። ከ1995 ወዲህ የተሰጠው የይዞታ ደብተር ያንን ስጋት ቀንሶታል። ግን ደብተሩ የሚጠብቀው እማሆይን እንጂ እርስዎን አይደለም።

የእርስዎ ዋስትና ውሉ ነው። ከእማሆይ ጋር ቁጭ ብለው ቢያንስ ለሰባት ዓመት የጽሑፍ ውል ይዋዋሉና ወረዳው መሬት አስተዳደር ያስመዝግቡት። ሁለት ነገር ይግባበት። አንደኛ፣ ውሉ ከጊዜው በፊት ቢቋረጥ የ30 ቀኑ ጉልበት በቀሪው ዓመት ልክ ይከፈልዎታል። ሁለተኛ፣ ክምሩ ላይ የሚተከለው የደሾ ሣር የእርስዎ ከብቶች መኖ ይሆናል። ሣሩ ያንን 12 በመቶ በከፊል ይመልስልዎታል፣ ክምሩንም ይይዛል።

እማሆይ ሰባት ዓመት ካልፈቀዱስ? እርከኑን ይተዉት። በየዓመቱ ፍግ ማልበስና በተዳፋቱ አግድም ማረስ ይበቃዎታል። አፈሩን ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ ጉልበትዎም ግን ሜዳ ላይ አይቀርም።

ከተስማሙ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የእኛ አገር ክረምት ብርቱ ስለሆነ እርከኑ ውኃ ወደ ፈሰሱ እንዲያስወጣ ትንሽ ዘንበል ይበል፤ በ100 ሜትር እስከ አንድ ሜትር ቢወርድ ይበቃል። ፍጹም ደልዳላ ከሆነ ውኃ ይተኛበትና ሰብሉ ቢጫ ይሆናል፣ ያኔ እማሆይም «አበላሸኸው» ይላሉ። ሰብል ሲነሣ ታኅሣሥ ላይ ውሉን ይጨርሱ፣ ቁፋሮው ለጥር ይደርሳል።