ዩፒኤሱ ላይ የመኪና ባትሪ ላስቀጥል?

«ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ዩፒኤሴ ባለ 650 ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሩብ ሰዓት እንኳ አይቆይልኝም። መብራቱ ደግሞ አንዳንዴ ለሦስት ሰዓት አይመጣም። አንድ ልጅ የመኪና ባትሪ እቀጥልበታለሁ አለኝ። ይሻላል ወይስ ኢንቨርተር ልግዛ? ኮምፒውተሩና ራውተሩ ከሠሩልኝ ይበቃኛል።»

እህቴ፣ አታስቀጥይ። ዩፒኤሱ ውስጥ ያለችው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ናት። ቻርጀሩም የተሠራው በእሷ ልክ ነው። ትልቅ ባትሪ ስታስሪበት ለመሙላት ቀናት ይፈጅበታል። መብራት ቶሎ ቶሎ ከጠፋ ባትሪው አንዴም ሳይሞላ ይሞታል። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመርም ለደቂቃዎች እንጂ ለሦስት ሰዓት ሥራ አልታሰበም። መጀመሪያ ይግላል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ከዚያ አለቀ።

ለሦስት ሰዓት የሚያዋጣሽ ኢንቨርተር ነው። ዴስክቶፑ 80 ዋት፣ ሞኒተሩ 20፣ ራውተሩ 10 ይወስዳሉ እንበል፤ በድምሩ 110። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግን ከግማሽ በታች ባወረድሽው ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ኢንቨርተሩም የራሱን ድርሻ ይበላል። ለሥራ የሚተርፍሽ 500 ገደማ ነው። ለ110 ሲካፈል አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመጣል። ባትሪው የሶላር ይሁን። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ለሰዓታት እንዲሠራ አልተሠራም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ጋ ደረስን። ኢንቨርተሩን ያስገጥማሉ፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። የተጻፈው ሁሉ ገደል ገባ! ኮምፒውተር ያለ ኤሌክትሪክ የሚታገሠው 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ኢንቨርተሩ ወደ ባትሪ ለመዞር ከዚያ በላይ ከወሰደበት ያው መጥፋቱ ነው። ብዙ ኢንቨርተሮች ላይ ለቤት ዕቃና ለዩፒኤስ ተብሎ የተለየ ማብሪያ አለ። ወደ ዩፒኤስ አድርጊው፤ 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይዞራል። ችግሩ፣ እንዲህ ሲሆን የቮልት መውረድንም አይታገሥም። አመሻሽ ላይ መብራቱ ሲደክም ሳይጠፋም ወደ ባትሪ ሊሄድ ይችላል።

ስትገዢ ፒዩር ሳይን የሚባለውን፣ የሚሰጠው ሞገድ እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ የሆነውን ጠይቂ። ርካሹን ብዙ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ አይወደውም። አሮጌው ዩፒኤስሽም ከኋላው ብታደርጊው መብራቱን አልቀበልም ብሎ የራሱን ባትሪ ይጨርሳል። በፒዩር ሳይኑ ግን ዩፒኤሱ መሃል ገብቶ የመዞሪያዋን ክፍተት ይሸፍንልሻል።

ከመክፈልሽ በፊት ሱቁ ውስጥ አስሞክሪ። ኮምፒውተር ይሰካ፣ ከዚያ ብሬከሩ አምስት ስድስት ጊዜ ይውረድ። አንዴም እንደገና ከተነሳ አትግዢው።

ኮፒ ማሽኑንና ሌዘር ፕሪንተሩን ግን በጭራሽ እንዳትሰኪበት። ቀለሙን የሚያጣብቀው ክፍል ሲሞቅ ብቻውን እስከ 1000 ዋት ይስባል። ባትሪውንም አየር በሚገባበት ቦታ አስቀምጪ፤ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ እሳት ይይዛል። በዚህ በኩል የደሴ ብርድ ደግ ነው፤ ኮምቦልቻ ያሉትን ሙቀቱ ባትሪ ቶሎ ያስረጅባቸዋል።