ነጻ ዩሲ የሚሰጥ ሳይት፦ ወጥመዱ ከአይዲው በኋላ ነው

"ታናሽ ወንድሜ ነጻ 8100 ዩሲ፣ ማለትም የጌሙን ገንዘብ፣ የሚሰጥ የፐብጂ ሳይት አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎታል። የሚጠይቀው የፕሌየር አይዲውን ብቻ ነው፣ ፓስወርድ የለም። ታዲያ ምን ሊወስዱበት ይችላሉ?"

በአይዲው ብቻ ምንም አይወስዱበትም እህቴ፣ እሱ ላይ ልክ ነሽ። አይዲ ጓደኛ ለመሆን የምንሰጣጠው ቁጥር ነው። እንዲያውም ትክክለኛው መሙያ midasbuy.com ራሱ ዩሲ ለመሙላት የሚፈልገው አይዲውን ነው። ሌቦቹ ከአይዲ የሚጀምሩትም ለዚሁ ነው፤ ልጁ "ፓስወርድ አልጠየቁኝም" ብሎ ዘና ይላል። ጉዱ ያለው ቀጥሎ በሚመጡት ገጾች ላይ ነው።

እኔም ተበልቻለሁ፣ ስለዚህ ከሩቅ ሆኜ አይደለም የማወራው። ፒያሳ ከመፍረሷ በፊት አንድ ሞባይል ቤት እሠራ ነበር። ገበያ ሲቀዘቅዝ ፐብጂ ነው፣ ሌላ ምን አለ። አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ሊንክ መጣልኝ። አይዲዬን አስገባሁ፣ 8100 የሚለውን መረጥኩ፣ አረንጓዴ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መውረድ ጀመረ፣ "ሰርቨር ተገኝቷል፣ አካውንት ተገኝቷል" ምናምን እያለ መቶ ሊሞላ ሲል ቀጥ አለ። ከዚያ "ሰው መሆንህን አረጋግጥ" አለኝ፤ ሁለት አፕ ጫንና ክፈት። ጫንኩ። ፓኬጄ አለቀ፣ ዩሲው የለም። እዚህ ጋ ነው የሳይቱ ባለቤት ደመወዙን የሚያገኘው፤ አፕ ባስጫነ ቁጥር አስተዋዋቂው ይከፍለዋል። አንቺ አስር አፕ ብትጭኚም ማረጋገጫው አያልቅም።

እኔ ግን እዚያ አልቆምኩም። "ወይም በፌስቡክ ገብተህ ተቀበል" የሚል ቁልፍ ነበረ፣ ነካሁት። ፌስቡክን ቁርጥ የሚመስል ገጽ መጣ፣ ፓስወርዴን ጻፍኩ፣ "በ24 ሰዓት ውስጥ ይገባልሃል" ብሎኝ ተዘጋ። በማግስቱ ከፌስቡኩም ከጌሙም ተባረርኩ። ኢሜይሌን አውጥተው የራሳቸውን አስገብተውበታል። ያ አካውንት ላይ ስንት ወር የለፋሁበት ኤም 416 ግላሲየር የሚባል የጠመንጃ ስኪን ነበረ፣ እስካሁን ሲነሳ ያመኛል።

ብሶቴን አንድ ግሩፕ ላይ ስጽፍ ደግሞ ወዲያው ኢንቦክስ መጣ፤ "ሀከር ነኝ፣ አስመልስልሃለሁ፣ 500 ብር በቅድሚያ።" ይሄ ሁለተኛው ሌባ ነው። እሱን እንኳን አልከፈልኩም።

አሁን ወንድምሽ ፊት የምትሠሪው ነገር ይኸውልሽ። ያንኑ ሳይት ክፈቺና በአይዲው ቦታ "አበበ በሶ በላ" ብለሽ ጻፊበት። "አካውንት ተገኝቷል" ካለሽ አለቀ፣ ከየትም ሰርቨር ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። አንዳንዱ ግን ትክክለኛ አይዲ ስትሰጪው የጌም ስሙን ያወጣል፤ ስም ማውጣቱ ብቻውን ማስረጃ አይሁንሽ። ከታች "አሁን ደረሰኝ፣ አመሰግናለሁ" የሚሉትንም ኮሜንቶች እዪያቸው። ገጹን ነገ ብትከፍቺው ያው ሰው ያው "ከ3 ደቂቃ በፊት" ሊል ይችላል።

እንቢ ካለሽ በቴሌብር አስረጂው። ብሩ ያለው ስልክሽ ውስጥ አይደለም፣ ስልኩ የሚያሳይሽ ቁጥሩን ብቻ ነው። ዩሲም ያለው ካምፓኒው ሰርቨር ላይ ነው። ከውጭ ሆኖ የሚፈበርክ ሳይት የለም። 8100 ዩሲ ደግሞ በትክክለኛው ዋጋ ወደ 100 ዶላር ነው፣ ማን ዝም ብሎ ይሰጠዋል?

ዋናው ግን የት ገጽ ላይ እንደቆመ ማወቅ ነው። አይዲውን ብቻ ከጻፈ ዝጉት፣ ሌላ ጣጣ የለውም። አፕ ከጫነ ያጥፋው፣ በተለይ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የወረደ ከሆነና ኤስኤምኤስ የማንበብ ወይም የአክሰሰቢሊቲ ፈቃድ ከጠየቀ፤ በዚያው ስልክ ባንክ ወይም ቴሌብር ካለ የሚመጣውን ኮድ ያነብባችኋል። የፌስቡክ ፓስወርዱን ከጻፈ ግን ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ይቀይር፤ ከሁሉም ስልክ ሎግ አውት ያድርግ፣ የማያውቀው ኢሜይል ወይም ቁጥር ተጨምሮ ከሆነ ያውጣ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብራ። ከተዘጋበት facebook.com/hacked ላይ ይግባ፣ ለጌሙም ከሴቲንግ ውስጥ ለደንበኞች አገልግሎት ይጻፍ።

"አካውንትህን ስጠኝ፣ የመጨረሻው ራንክ ኮንከረር አድርሼ እመልስልሃለሁ" የሚለውም ያው ነው። እሱማ ፓስወርዱን በግልጽ ነው የሚጠይቀው። ቢመልስለት እንኳ በሌላ ሰው ማስጫወት ደንብ መጣስ ስለሆነ አካውንቱን ሊያዘጋው ይችላል፣ ራንኩም ሲዝን ሲቀየር ይወርዳል።

ወንድምሽን ሳትቆጪው ጠይቂው፣ ከተቆጣሽው የፌስቡኩን ነገር ይደብቅሻል። እኔ ለወንድሜ የነገርኩት ከሳምንት በኋላ ነበር፣ ያኔ አካውንቴ ተሽጧል።