ለአንድ ኤመራልድ ሁለት ሰርተፍኬት፣ ሁለት ደረጃ

«ለባለቤቴ የሻኪሶ ኤመራልድ ልገዛላት ነው። የ2021ዱ ሰርተፍኬት ዘይቱን "ጥቂት" ይለዋል፣ የዘንድሮው የሌላ ላብራቶሪ ደግሞ "መካከለኛ"። የቱን ልመን?»

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንተ ግን በአዲሱ ተደራደር። ሰርተፍኬት የሚናገረው ድንጋዩ በተመረመረበት ቀን ስለነበረው ሁኔታ ብቻ ነው። ኤመራልድ አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቅ አያጣም፣ እሱን ለመደበቅ ዘይት ወይም ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ይሞላበታል። ዘይቱ ይደርቃል፣ እንደገናም ይጨመራል። በመሃል ጨምረውበት ከሆነ ደረጃው ይቀየራል። ባይነካም እንኳ፣ ደረጃውን የሚሰጠው በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ነው። ድንበር ላይ ያለውን ድንጋይ አንዱ ጥቂት፣ ሌላው መካከለኛ ይለዋል።

ስታነብ እንዲህ አድርግ፦

1. መጀመሪያ ካራቱንና በሚሊሜትር የተጻፈውን ልኬት አስተያይ። አንዱ 2.31 ካራት፣ ሌላው 2.24 ካለ ድንጋዩ እንደገና ተሞርዷል፣ ወይም ጭራሽ ሌላ ድንጋይ ነው።
2. ቀጥሎ የመሙያውን ዓይነት እይ። ዘይት ከሬዚን ይመረጣል፣ ምክንያቱም በባለሙያ ታጥቦ ሊወጣና እንደገና ሊሞላ ይችላል።
3. አጠራሩ እንዳያደናግርህ። የአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ላብራቶሪ ጂአይኤ ኤፍ 1፣ ኤፍ 2፣ ኤፍ 3 የሚለው ጥቂት፣ መካከለኛና ከፍተኛ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እዚህ ድሬዳዋ አንድ ወርቅ ቤት ቀለበቴን በአልትራሳውንድ ማሽን አጠቡልኝ። ዘይቱ ወጣና ስንጥቁ ነጭ ክር መስሎ ቁልጭ አለ። በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ አጽዳው።