ኮንስታንስ 1415፦ ጉባኤው ከፖፑ በላይ ነው የተባለው እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ «የኮንስታንስ ጉባኤ "ጉባኤ ከፖፕ ይበልጣል" ብሎ ወስኗል የሚል አነበብኩ። ታዲያ ካቶሊኮች ዛሬ ተቃራኒውን የሚሉት እንዴት ነው? ውሳኔውን ማን ሻረው?»

መልስ፦

ስሙን ጠርቶ «ተሽሯል» ያለ የለም። ለስድስት መቶ ዓመት ያከራከረው ሌላ ነገር ነው፦ ውሳኔው ለዚያ ችግር ብቻ የወጣ ነው ወይስ ለዘለዓለም? ያወጣውስ ስብሰባ በዚያ ቀን በሕግ «ጉባኤ» ነበር ወይ? (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። «ጳጳስ» በኛ ዘንድ ለብዙ ስለሚሆን የሮሙን «ፖፕ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ደግሞም ነገሩን በኛ ቅዱስ ሲኖዶስና ፓትርያርክ መነጽር አትዩት፤ እዚያ የተነሣው ጥያቄ ሌላ ነው።)

መጀመሪያ ቋጠሮው። በ1378 ካርዲናሎቹ የሮም ሕዝብ በር ላይ እየጮኸባቸው ኡርባኖስ 6ኛን መረጡ። ከወራት በኋላ «በፍርሃት ነው የመረጥነው» ብለው ክሌመንት 7ኛን መረጡና እሱ አቪኞን ገባ። ልብ በሉ፣ ሁለቱንም የመረጡት በአብዛኛው እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «እውነተኛው የቱ ነው?» ለሚለው ከመራጮቹ የሚታመን ምስክር አልተገኘም። ከውጭ እንዳይፈረድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሕግ «ቀዳሚውን መንበር ማንም አይፈርድበትም» ይላል፤ ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠራውም ፖፑ ብቻ ነው። ሁለቱም ካልጠሩ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

የሕግ ሊቃውንቱ ሁለት ቀዳዳ አገኙ። አንደኛው በግራቲያን የሕግ ስብስብ ውስጥ ያለ አጭር ሐረግ ነው፦ ፖፑን ማንም አይፈርድበትም፣ «ከሃይማኖት ስቶ ካልተገኘ በቀር»። መከፋፈልን እያወቀ የሙጥኝ ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያን አንዲት ናት የሚለውን እምነት ስለካደ ከመናፍቅ ይቆጠራል ብለው ሐረጉን ለጠጡት። ሁለተኛውን በ1380ና 1381 የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ኮንራድ ዘጌልንሃውዘንና ሃይንሪሽ ዘላንገንስታይን፣ አነሡት፦ «ፖፑ ብቻ ይጥራ» የሚለው ሕግ የወጣው ቤተ ክርስቲያንን ሊጠብቅ ነው፤ የሚያፈርሳት ሆኖ ሲገኝ ፊደሉ ተትቶ የሕግ አውጪው ሐሳብ ይጠበቃል።

በ1409 ከሁለቱም ወገን የመጡ ካርዲናሎች ፒዛ ላይ ተሰብስበው ሁለቱን ሻሩ፤ እስክንድር 5ኛን መረጡ። የተሻሩት ግን አልወረዱም። ሁለት የነበሩት ፖፖች ሦስት ሆኑ። ፒዛ የከሸፈው በክርክሩ ድክመት ብቻ አልነበረም፤ ፍርዱን የሚያስፈጽም ክንድ አልነበረውም። በኮንስታንስ የጀርመን ንጉሥ ሲጊስሙንድ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። የእስክንድርን ተተኪ ዮሐንስ 23ኛን ገፍቶ ጉባኤ አስጠራው፤ በኅዳር 1414 ተከፈተ።

አሁን ወደ ጠያቂው ውሳኔ። ዮሐንስ ተስፋው በድምፅ ብዛት ላይ ነበር፤ የኢጣልያ ጳጳሳት ብዙ ነበሩና። ጉባኤው ግን ድምፁን በራስ ቆጠራ ሳይሆን በ«ብሔር» አደረገው፦ ኢጣልያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ፤ ስፔን በኋላ አምስተኛ ሆነች። ብልጫው እንደ ጤዛ ጠፋ። መጋቢት 1415 መጀመሪያ ላይ ሥልጣኑን እንደሚለቅ ቃል ገባ፤ በዚያው ወር በ20ኛው ቀን ምሽት የኦስትሪያው ዱክ ፍሬድሪክ የፈረሰኞች ግጥሚያ አዘጋጅቶ ከተማው ወደዚያ ሲያይ፣ ልብሱን ለውጦ ወደ ሻፍሃውዘን አመለጠ። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ የጠራው ፖፕ ከሄደ ጉባኤው ያለ ራስ ይቀራል፣ ያለ ራስ ይበተናል።

ስለዚህ በመጋቢት 30 ለተሰበሰቡት ሰዎች አጣዳፊው ጥያቄ «ማን ይበልጣል?» ሳይሆን «ነገ እዚህ መቀመጥ እንችላለን ወይ?» ነበር። ረቂቁን ያነበበው ካርዲናል ዛባሬላ ነው፤ «በራስና በአካላት የሚደረግ ተሐድሶ»፣ ማለትም ፖፑንም የሚነካ ተሐድሶ፣ የሚለውን ሐረግ ግን ዘለለው። የብሔሮቹ ሰዎች ተቆጡ። በሚያዝያ 6፣ በጉባኤው አምስተኛ ስብሰባ፣ ሙሉው ተነበበና ጸደቀ። «ሄክ ሳንክታ» በመባል የሚታወቀው ይህ ነው። ዛባሬላ ራሱ ሥልጣን በመላው ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ነው ብሎ የጻፈ የሕግ ሊቅ መሆኑ የሚገርም ነው፤ በመጽሐፍ ደፍሮ የጻፈውን በአደባባይ ለማንበብ አመነታ።

ጽሑፉ ሁለት አንቀጽ ስላለው ለየብቻ አንብቡት። የመጀመሪያው፣ ጉባኤው ሥልጣኑን በቀጥታ ከክርስቶስ እንደተቀበለ፣ ማንም ሰው «የፖፕነት ማዕረግ ቢኖረው እንኳ» በሦስት ነገር ሊታዘዘው እንደሚገባ ይናገራል፦ በሃይማኖት፣ የተባለውን መከፋፈል በማጥፋት፣ በተሐድሶ። «የተባለውን» የሚለው ቃል ነገሩን ወደ 1378ቱ መከፋፈል ይጎትተዋል። ሁለተኛው አንቀጽ ግን «የዚህን ጉባኤም ሆነ በሕግ የተሰበሰበ የሌላ ማንኛውም ጠቅላላ ጉባኤ» ትእዛዝ እንቢ ያለ ይቀጣል ይላል። እዚህ ላይ ለወደፊቱም ተዘረጋ። ስለዚህ «የአንድ ጊዜ መፍትሔ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ሁለተኛውን አንቀጽ መጥቀሱን እዩ፤ «የዘለዓለም ሕግ ነው» የሚለውን ካገኛችሁ ደግሞ «በሕግ የተሰበሰበ» የሚለውን እንዴት እንደፈታው ጠይቁ። በእኔ ንባብ ሰነዱ ሁለቱንም ሆን ብሎ አቅፏል። በሕግ ተሰብስቧል ብሎ የሚፈርደው ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ ቢናገር ኖሮ አራቱ ብሔሮች አይስማሙም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክሩን እስከ ዛሬ ክፍት አድርጎታል። ዮሐንስ ተይዞ በግንቦት 29 ተሻረ። የሮሙ መሥመር፣ ማለትም የኡርባኖስ ተተኪ፣ ጎርጎርዮስ 12ኛ ግን በሐምሌ 4 ብልሃት ያለው አወጣጥ ወጣ፦ መልእክተኞቹ መጀመሪያ ጉባኤውን በጎርጎርዮስ ስም አዲስ ጠሩት፣ ከዚያ የመልቀቂያውን ቃል አነበቡ። ጉባኤው ምንም ስለማያስከፍለው እሺ አለ። ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ለፖፑ የሚከራከር ሰው «ሕጋዊው ጉባኤ የጀመረው በሐምሌ 4 ነው፤ የሚያዝያ 6ቱ ውሳኔ ከዚያ በፊት የወጣ ነው» ማለት ይችላል። ለጉባኤው የሚከራከር ደግሞ «ከመጀመሪያውም ሕጋዊ ነበርን፣ ሥነ ሥርዓቱ ለሽማግሌው ክብር ነው» ይላል። ሁለቱም በመጨረሻ አንድ ፖፕ ላይ ይገናኛሉ፤ ለመወሰን የተገደደ አልነበረም። ሮም ዛሬ የምትቆጥረው የጎርጎርዮስን መሥመር ነው። በ1958 የተመረጡት ፖፕ «ዮሐንስ 23ኛ» የሚለውን ቁጥር እንደገና የወሰዱትም የኮንስታንሱ ስላልተቆጠረ ነው።

ሦስተኛው፣ የአቪኞኑ መሥመር ቤኔዲክቶስ 13ኛ፣ በስፔን ፔኒስኮላ አምባ ላይ ሆኖ እንቢ እንዳለ በሐምሌ 1417 ተሻረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት «ፍሬኩዌንስ» የተባለው ውሳኔ ወጣ፦ ቀጣዩ ጉባኤ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ተከታዩ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየአሥር ዓመቱ። ለምርጫውም 23 ካርዲናሎች ላይ ከአምስቱ ብሔሮች ስድስት ስድስት ሰው ተጨመረ፤ ጠቅላላ 53። ተመራጩ ከካርዲናሎቹም ከእያንዳንዱ ብሔርም ሁለት ሦስተኛ ማግኘት ነበረበት፤ ኋላ «አልመረጥነውም» የሚል ወገን እንዳይኖር ነው። በኅዳር 11 ቀን 1417 ማርቲኖስ 5ኛ ወጣ።

እዚህ ላይ ጉባኤያውያን፣ ጉባኤ ከፖፕ ይበልጣል የሚሉት፣ ጠንካራውን መሣሪያቸውን አገኙ። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ ማርቲኖስ ፖፕ የሆነው ጉባኤው የቀደሙትን ስላወረደ ነው፤ ጉባኤው ሥልጣን ከሌለው ማርቲኖስም፣ እሱ የሾማቸው ካርዲናሎችም፣ የመረጡት ኤውጌኒዮስ 4ኛም ይወድቃሉ። ኤውጌኒዮስ በ1431 የባዝልን ጉባኤ ገና እንደተከፈተ ሊበትነው ሲል፣ የራሱ መልእክተኛ ካርዲናል ቼዛሪኒ ይህንኑ ጻፈለት። ኤውጌኒዮስ ሁለት ዓመት ታግሎ በታኅሣሥ 1433 መበተኑን ሻረ።

ጉባኤያዊነት በሐሳብ የረታው ያኔ ነው፤ በተግባር የወደቀውም እዚያው ባዝል ነው። ምክንያቱ ድምፅ ነው። ባዝል ብሔርን ትቶ በአራት ክፍል ተደራጀ፦ ሃይማኖት፣ ሰላም፣ ተሐድሶ፣ ጠቅላላ ጉዳይ። በየክፍሉ ጳጳስም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርም፣ ተራ ቄስም እኩል ድምፅ ነበረው። ስለዚህ ብዙኃኑ ከጳጳሳቱ አመለጠ። ከግሪኮች ጋር አንድነት የሚደረግበት ቦታ ሲነሣ በግንቦት 7 ቀን 1437 ብዙኃኑ ባዝል፣ አቪኞን ወይም ሳቮይ አለ፤ ጥቂቶቹ፣ ብዙ ከፍተኛ ጳጳሳት ያሉበት ወገን፣ የኢጣልያ ከተማ አሉ። ሁለቱም ውሳኔያቸውን በአንድ ካቴድራል፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ በሌላው ላይ እየጮኸ አነበቡ። «በሕግ የተሰበሰበ» የቱ ነው የሚለው በኮንስታንስ ያልተመለሰ ጥያቄ መመለሻ አጣ።

ኤውጌኒዮስ ከጥቂቶቹ ጋር ጉባኤውን ወደ ፌራራ፣ ከዚያ ወደ ፍሎረንስ ወሰደ፤ በሐምሌ 1439 ከግሪኮች ጋር ስምምነት ፈረመ። እኛንም የሚነካ ነገር እዚህ አለ፦ በ1441 የኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አለቃ ኒቆዲሞስ የላከው ዲያቆን ጴጥሮስ ፍሎረንስ ደረሰ። ለኤውጌኒዮስ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ባዝል የሻረውን ሰው ከሩቅ፣ ከምሥራቅና ከአፍሪካ ጭምር እየመጡ ይሳለሙታል ማለት ነውና። ባዝል በሰኔ 1439 ኤውጌኒዮስን ሽሮ የሳቮይውን አማዴዎስን ፌሊክስ 5ኛ ብሎ ቀባ። የመረጡት 33 ሰዎች ሲሆኑ ከመካከላቸው ካርዲናል አንድ ብቻ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የነበረውን 53 አስታውሱና ልዩነቱን መዝኑት። ነገሥታቱም የፈለጉትን ተሐድሶ ከፖፑ ጋር በቀጥታ መደራደር ስለቻሉ ባዝልን አንድ በአንድ ተዉት፤ ፌሊክስ በ1449 ለቀቀ።

የኤውጌኒዮስ መልስ ለጥያቄያችሁ ቅርቡ መልስ ነው። በመስከረም 1439 በወጣ ደብዳቤው ኮንስታንስን አልሻረም፤ ባዝሎች ውሳኔውን አጣመሙት፣ የወጣውም በመከፋፈል ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ነው አለ። በ1460 ፒዩስ 2ኛ፣ በወጣትነቱ የፌሊክስ ጸሐፊ የነበረው ሰው፣ ከፖፕ ወደ ጉባኤ ይግባኝ ማለትን አወገዘ። አምስተኛው የላተራን ጉባኤ በ1516፣ የመጀመሪያው ቫቲካን በ1870 ያንን አጸኑ። ዛሬ የሚሠራው የ1983ቱ ሕግ በቁጥር 338 ጉባኤ የሚጠራው ፖፑ ብቻ ነው ይላል፤ ቁጥር 340 ደግሞ ጉባኤ ላይ እያሉ መንበሩ ባዶ ከሆነ ጉባኤው በሕግ ወዲያው ይቋረጣል፣ አዲሱ ፖፕ ካልቀጠለው አይቀጥልም። በኮንስታንስ ግን ሁሉም ወገን የሚቀበለው ፖፕ ሳይኖር ከሁለት ዓመት በላይ ተቀምጠው ነበር አዲሱን የመረጡት።